ቻርጀር ወይስ ድምፅ ማጉያ? ገንዘብና መደርደሪያ የሚገባው ዕቃ የቱ ነው

የትርፍ መቶኛን ብቻ አይቶ ዕቃ የሚመርጥ ነጋዴ አንድ ነገር ያመልጠዋል፤ ጊዜ። አንድ ዕቃ 40 በመቶ ቢያተርፍም፣ የወጣበት ገንዘብ በስንት ወር እንደሚመለስ መቶኛው አይናገርም። ይህን የሚያሳየው ሌላ ስሌት ነው። ዕቃው በዓመት ያስገኘውን ጠቅላላ ትርፍ ይወስዱና፣ በዓመቱ ውስጥ በአማካይ ሳይሸጥ ተቀምጦ ለነበረው ክምችት በወጣው ገንዘብ ያካፍላሉ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ጂኤምአርኦአይ ይባላል፤ እኔ እዚህ ላይ የክምችት ምላሽ እለዋለሁ።

ሁለት ዕቃዎችን ለምሳሌ ያህል ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የገንዘቡ ቁጥሮች ሁሉ በሺህ ናቸው።

| | ቻርጀር | ድምፅ ማጉያ |
|---|---|---|
| የዓመት ሽያጭ | 120 | 100 |
| የተሸጠው ዕቃ መግዣ | 96 | 60 |
| ጠቅላላ ትርፍ | 24 | 40 |
| አማካይ ክምችት በመግዣ ዋጋ | 8 | 32 |
| የክምችት ምላሽ | 3.0 | 1.25 |

በትርፍ መቶኛ ድምፅ ማጉያው 40 ለ20 ይመራል፤ በጠቅላላ ትርፍ መጠንም ይበልጣል። ነገር ግን ቻርጀር ላይ የተቀመጠ እያንዳንዱ 1 በዓመት 3 ሲያስገኝ፣ ድምፅ ማጉያው ላይ የተቀመጠው 1 የሚያስገኘው 1.25 ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የቻርጀሩ ክምችት በዓመት 12 ጊዜ ይዞራል፤ የድምፅ ማጉያው ግን 2 ጊዜ እንኳ አይሞላም።

ከመወሰንዎ በፊት ግን አማካይ ክምችቱ እንዴት እንደተሰላ ይጠይቁ፤ ስሌቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር ነው። ድምፅ ማጉያው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዓመቱ እንደገባ፣ በ60 ሺህ ይገዛል እንበል። ከመግዛቱ በፊት የቀረው ዕቃ 2 ሺህ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅም 2 ሺህ ይቀራል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቆጠራ ብቻ ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሰው አማካዩን 2 ሺህ ያገኛል፤ የክምችት ምላሹም 20 ይሆንለታል። ይህ ቁጥር ፍጹም ሐሰት ነው። ገንዘቡ ወራቱን ሁሉ በመጋዘን ተኝቶ ነበር፤ ትክክለኛው አማካይ 32 ሺህ ያህል ነው። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ያለውን ክምችት ይመዝግቡ፤ ሁልጊዜም በመግዣ ዋጋ እንጂ በመሸጫ ዋጋ አይደለም። የቻርጀሩን 8 ሺህ ክምችት በመሸጫ ዋጋ 10 ሺህ ብለው ከያዙት 3.0 የነበረው ምላሽ ወደ 2.4 ይወርዳል።

ባዶ መደርደሪያም ያሳስታል። ቻርጀሩ በየወሩ ለአንድ ሳምንት እያለቀ ከሆነ አማካይ ክምችቱ ይቀንሳል፤ ምላሹም የሚያስደስት ይመስላል። ዕቃው ያልነበረባቸውን ቀናት ለብቻ ካልቆጠሩ፣ ያጡትን ሽያጭ እንደ ብልህነት ይቆጥሩታል።

አሁን መደርደሪያውን እንመልከት። ሁለቱም 2 ሜትር ቢይዙ ቻርጀሩ በሜትር 12 ሺህ፣ ድምፅ ማጉያው 20 ሺህ ጠቅላላ ትርፍ ይሰጣሉ። ውጤቱ ተገለበጠ። የክምችት ምላሽ ስለ ገንዘብ እንጂ ስለ ቦታ አይናገርምና። ገንዘብ ያጠረው ቻርጀሩን ያስቀድም፤ ገንዘብ እያለው ቦታ የጠበበው ድምፅ ማጉያውን ከመደርደሪያ ማውረድ የለበትም። ቻርጀሩን በእጥፍ መደርደርም ሽያጩን በእጥፍ አያሳድገውም፤ ተጨማሪው ሜትር ከመጀመሪያው ያነሰ ነው የሚያመጣው።

እኔ ግን ሁለቱን ከማማረጥ በፊት የድምፅ ማጉያውን የግዢ መንገድ እለውጣለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ መግዛቱ ቀርቶ በየሦስት ወሩ ይገዛ። በትንሽ በትንሹ በመገዛቱ ቅናሹ ቀርቶ መግዣው በ5 በመቶ ቢጨምር፣ የዓመቱ መግዣ 63 ሺህ፣ ጠቅላላ ትርፉ 37 ሺህ ይሆናል። አንዱ ግዢ 16 ሺህ ያህል ስለሚሆን፣ ግማሹ ላይ የመጠባበቂያው 2 ሺህ ሲደመር አማካይ ክምችቱ ወደ 10 ሺህ ይወርዳል። ምላሹም 3.7 ይደርሳል፤ ከቻርጀሩ በላይ ማለት ነው። ሦስት ሺህ ትርፍ ቀርቶብን 22 ሺህ ገንዘብ ነፃ ወጣ።

ይህ የሚያዋጣው ግን ነፃ የወጣው ገንዘብ ሥራ ካለው ነው። 22 ሺህው ሌላ ቦታ በዓመት ከ3 ሺህ በላይ ካላስገኘ፣ ወይም የተደጋገመው ማጓጓዣ ከ5 በመቶው ሌላ ይህን ጥቅም የሚበላ ወጪ ካመጣ፣ የዓመቱን በአንድ ጊዜ መግዛቱ ይሻላል። አቅራቢው በዱቤ የሚሰጥ ከሆነም የተቀመጠው ገንዘብ በከፊል የእርሱ ነውና፣ ስሌቱን ያልተከፈለውን ዕዳ ቀንሰው ደግመው ይሥሩት።