ኤስኢ እና ቢኤስኢ በወርቅ ማዕድን ናሙና ላይ፦ የሰባት ወር የኤስኢኤም አጠቃቀም ግምገማ

እዚህ የምንገመግመው ባለ ተንግስተን ፊላመንት ስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ላለፉት ሰባት ወራት የቆየው በአንድ ሥራ ላይ ነው፤ ከወርቅ ማዕድን ድንጋይ ተቆርጠው የተወለወሉ ናሙናዎችን እየቃኙ ወርቁ የት እንዳለ፣ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነና ከየትኛው ማዕድን ጋር እንደተያያዘ ማወቅ። መሣሪያው የመጣው በሁለት ዲቴክተር ነው፤ አንዱ ለሰከንደሪ ኤሌክትሮን፣ ሌላው ለባክስካተርድ ኤሌክትሮን። በላብራቶሪ አጠራር ኤስኢ እና ቢኤስኢ እንላቸዋለን። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ለዚህ ሥራ ገንዘቡን ያወጣው ቢኤስኢው ነው። ኤስኢው ግን ቢኤስኢው ሲሳሳት የሚያርመው ነው፤ ያለ እርሱ ብዙ የተሳሳተ ወርቅ እንቆጥር ነበር።

ልዩነቱ ከኤሌክትሮኖቹ መነሻ ይጀምራል። ሰከንደሪ ኤሌክትሮን የሚባለው ማይክሮስኮፑ የሚያወርደው የኤሌክትሮን ጨረር ከናሙናው ከራሱ አቶሞች የሚነቅለው ደካማ ኤሌክትሮን ነው። ኃይሉ ከ50 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ነው፤ አብዛኛው እንዲያውም ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ አለው። ደካማ ስለሆነ ከጥልቀት መውጣት አይችልም፤ የሚያመልጠው ከላይኛዎቹ ጥቂት ናኖሜትሮች የተነሣው ብቻ ነው። በጎን በኩል የተተከለው ዲቴክተር ፊቱ ላይ ባለው ጥቂት መቶ ቮልት አዎንታዊ ወንፊት ይስበውና፣ 10 ኪሎቮልት ገደማ ወደተሞላው ሲንቲሌተር ያስፈነጥረዋል። ስለዚህ የኤስኢ ምስል የገጽ ምስል ነው። ያዘመመ ገጽ ከተኛው ይልቅ ይደምቃል፤ ጠርዝና ስንጥቅ ያበራል፤ ጭረት፣ ጉድጓድና የአቧራ ቅንጣት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ባክስካተርድ ኤሌክትሮን ግን የጨረሩ የራሱ ኤሌክትሮን ነው። ናሙናው ውስጥ ገብቶ፣ በአቶሞቹ አስኳል ተጠምዝዞ፣ ብዙ ኃይሉን እንደያዘ ተመልሶ ይወጣል። አስኳሉ በከበደ መጠን የሚመለሰው ይበዛል። ከኳርትዝ ላይ ከ100 ኤሌክትሮን 13 ያህል ይመለሳል፤ ከፓይራይት 23፤ ከወርቅ 49 ገደማ። ከሌንሱ በታች እንደ ቀለበት የተቀመጠው ባለ አራት ክፍል ሴሚኮንዳክተር ዲቴክተር የሚቆጥረው እነዚህን ነው። አራቱ ክፍሎች ሲደመሩ በስክሪኑ ላይ COMPO የሚለው ምስል ይገኛል፤ አንዱ ወገን ከሌላው ሲቀነስ ደግሞ TOPO። TOPOን በሰባት ወር ውስጥ እምብዛም አልነካነውም፤ ቅርጽ ለማየት ኤስኢው ይበልጠዋል።

አንድ ናሙና በቅርበት እንይ። ኳርትዝ ውስጥ የተቀመጠ ፓይራይት ነው፤ በኢፖክሲ ታቅፎ እስከ 1 ማይክሮን የአልማዝ ፓስታ ድረስ ተወልውሏል። በ20 ኪሎቮልት በኤስኢ ሲታይ ሜዳ ይመስላል። ኳርትዙና ፓይራይቱ በጠርዛቸው ካልሆነ ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ዓይን የሚስበው ሁለት የውልወላ ጭረትና ከንፈሩ ነጭ የሆነ አንድ ጉድጓድ ነው። ቦታውን ሳይነቀንቁ ወደ ቢኤስኢ ሲቀይሩት ምስሉ ሌላ ይሆናል። ጭረቶቹ ይደበዝዛሉ፤ ኳርትዙ ጠቆር ይላል፤ ፓይራይቱ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል፤ በፓይራይቱ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ 4 ማይክሮን የምታህል ነጭ ነጥብ ትወጣለች። በኤስኢውም ያቺ ቦታ በጥቂቱ ደመቅ ብላ ነበር። ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ተመላሾቹ ኤሌክትሮኖች ሲወጡ ከገጹም ከክፍሉ ግድግዳም ተጨማሪ ሰከንደሪ ኤሌክትሮን ስለሚነቅሉ፣ የኤስኢ ምስል ሁልጊዜ ጥቂት የቢኤስኢ ጥላ አለበት። በዚያ ፍንጭ ላይ ተመሥርቶ ማዕድን መሰየም ግን አይገባም፤ የጉድጓዱ ከንፈርም በዚያው ልክ ደምቆ ነበርና።

እዚያው ፓይራይት ላይ ሌላ ነገር ነበር፤ በቢኤስኢ ዳሩ የደበዘዘ፣ ጭጋግ የለበሰ የሚመስል ብሩህ ቦታ። በኤስኢ ግን ምንም የለም፤ ገጹ ልሙጥ ነው። ሁለቱ ዲቴክተሮች እንዲህ ሲጣሉ ጠቡ ራሱ መረጃ ነው። በ20 ኪሎቮልት ጨረሩ ፓይራይት ውስጥ 2 ማይክሮን ገደማ ይገባል፤ ተመልሰው የሚወጡት ኤሌክትሮኖች የሚመጡት ከዚያ የላይኛው ሲሶ ወይም ከዚያ ባነሰ ጥልቀት ነው። ማለትም ቢኤስኢ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ከገጹ በታች የተቀበረ ከባድ ቅንጣት ያያል፤ ኤስኢ አያይም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቮልቴጁን ወደ 10 ኪሎቮልት ማውረድ ነው። የጨረሩ ጥልቀት ወደ 0.7 ማይክሮን ይወርዳል፤ ቅንጣቱ የተቀበረ ከሆነ ይከስማል ወይም ይጠፋል፤ ገጹ ላይ ያለ ከሆነ ግን እንደነበረ ይቆያል፤ እንዲያውም ዳሩ ይጠራል። በእኛ ናሙና ጠፋ። ይህ ልዩነት ወርቅ የሚያሟሟው ሲያናይድ ወደ ወርቁ መድረስ አለመድረሱን ስለሚናገር ለማጣሪያ ፋብሪካ ትልቅ ትርጉም አለው፤ በፓይራይት የታሸገ ወርቅ ድንጋዩ ይበልጥ ካልደቀቀ ወይም ካልተጠበሰ አይሟሟም።

መሣሪያውን የምንወቅስበት ዋናው ነገር የራስ-ሰር ብርሃን ማስተካከያው ነው። ሲበራ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ይዘረጋዋል። ወርቅ የሌለበት ቦታ ላይ ሲደርስ እዚያ ካለው ሁሉ ከባዱን ነጭ ያደርገዋል፤ ፓይራይት ልክ እንደ ወርቅ ያበራል። ወርቅ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ፓይራይትና ኳርትዝ ወደ ጥቁር ይወድቃሉ። ስለዚህ ማስተካከያውን ከመጀመሪያው ቀን ማጥፋት ነው። እኛ የምንሠራው እንዲህ ነው፦ ከናሙናው አጠገብ መያዣው ላይ ትንሽ የወርቅ ሽቦ እንለጥፋለን፤ ከ0 እስከ 255 ባለው የግራጫ ደረጃ ሽቦው 230፣ ኢፖክሲው 20 ገደማ እስኪሆኑ ኮንትራስትና ብራይትነሱን በእጅ እናስተካክላለን፤ ከዚያ ወዲያ አንነካውም። በዚህ ልክ ኳርትዝ 50 አካባቢ፣ ፓይራይት 100 አካባቢ፣ ቻልኮፓይራይት ከፓይራይት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ፊላመንቱ ሲሞቅና ሲያረጅ የጨረሩ መጠን ስለሚዋዥቅ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ሽቦው ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። ሽቦው 215 ላይ ከተገኘ በመሃሉ የተወሰዱት ምስሎች ከቀደሙት ጋር በቁጥር አይወዳደሩም።

ናሙና ስታዘጋጁ ሽፋኑ ካርቦን ይሁን። በብዙ ቦታ በልማድ የወርቅ ሽፋን ይደረጋል፤ ለሥነ ሕይወት ናሙና የኤስኢ ምስል ያሳምራል፤ ወርቅ ለሚፈልግ ሰው ግን የሚፈልገውን ነገር ራሱ ናሙናው ላይ እንደ መርጨት ነው። በቢኤስኢ ልዩነቱን ያሳንሳል፤ ንጥረ ነገሮችን በሚያወጡት ኤክስሬይ በሚለየው ትንተናም ወርቅ በየቦታው ይወጣል። 20 ናኖሜትር ያህል ካርቦን ይበቃል። ሽፋን ካልተደረገ ኳርትዙና ኢፖክሲው ቻርጅ ይይዛሉ፤ በኤስኢ ብሩህ አግድም መስመርና የሚንሸራተት ምስል ይታያል። ቢኤስኢ ኤሌክትሮኖቹ ብርቱ ስለሆኑ ቻርጁን በተሻለ ይቋቋማል። አማራጩ ዝቅተኛ ቫኪዩም ነው፤ 30 ፓስካል አካባቢ ጋዝ ሲገባ ቻርጁ ይወገዳል። ያን ጊዜ ግን የጎኑ ዲቴክተር 10 ኪሎቮልቱ በጋዙ ውስጥ እንዳይፈነዳ ስለሚዘጋ ቢኤስኢ ብቻ ይቀራል፤ ነጩ ነጥብ የድንጋይ ይሁን የቆሻሻ የሚያጣራ ኤስኢ በእጅ አይኖርም። የመሬት መስመር ለማገናኘት የሚቀባው የብር ቀለም ጠብታ በቢኤስኢ ደማቅ ነው፤ ናሙናው ላይ የተረጨ እንደሆነ ወርቅ ይመስላል። ኤስኢ ያጋልጠዋል፤ ከገጹ በላይ ተለጥፎ የቆመ ክምር ሆኖ ይታያልና።

ሌላ አንድ ብልሽት የሚመስል ነገር ገጥሞን ብዙ አስለፍቶን ነበር። ቢኤስኢ ምስሉ በድንገት ነጭ ጭጋግ ይለብሳል፤ ኤስኢው ደህና ነው። ምክንያቱ የናሙና ክፍሉን የሚያሳየው ካሜራ ኢንፍራሬድ መብራት ነው። ሴሚኮንዳክተር ዲቴክተሩ ብርሃንም ስለሚቆጥር ካሜራው እንደበራ ከቀረ ምስሉ ይሞላል። ካሜራውን ማጥፋት ብቻ ነው መድኃኒቱ። ናሙናውን ወደ ሌንሱ ከፍ ስታደርጉ ደግሞ ከ8 ሚሊሜትር ይበልጥ አታስጠጉ፤ ዲቴክተሩ ከሌንሱ በታች ስለተንጠለጠለ ከፍ ያለ ናሙና ይመታዋል፤ ጥገናው ውድ ነው። ቢኤስኢ በፈጣን ቅኝት ጉርብጥብጥ ይላል፤ ለመፈለግ ፈጣኑ ይበቃል፤ ለማስቀመጥ ግን አንድ ደቂቃ ገደማ የሚወስደውን ቅኝት ተጠቀሙ።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ጋሊና ላይ ነው። የእርሳስ ሰልፋይድ ስለሆነ በአማካይ አቶሚክ ቁጥሩ 73 ይደርሳል፤ ከ100 ኤሌክትሮን 47 ይመልሳል። ከወርቅ 49 ጋር ሲተያይ በዓይን አይለይም፤ በደረጃው ላይ ያለው ልዩነት ከ10 አይበልጥም። ሩብ ወይም ሲሶው ብር የሆነ የተፈጥሮ ወርቅ ደግሞ ከጋሊናም ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ «የበለጠ ነጩ ወርቅ ነው» የሚል ሕግ የለም። ኤስኢ እዚህ ላይ አንዳንዴ ይረዳል፤ ጋሊና ተሰባሪ ስለሆነ ሲወለወል ሦስት ማዕዘን ጉድጓዶች ይተዋል፤ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ይላላጣል፣ ጭረት ይይዛል። ነጥቡ ከ5 ማይክሮን ካነሰ ግን ይህም አይታይም፤ ያኔ ኤክስሬይ ግድ ነው። እዚያም ወጥመድ አለ፦ የእርሳስ ኤም መስመር 2.34 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ፣ የድኝ ኬ መስመር 2.31 ላይ ስለሆኑ ይደራረባሉ፤ የወርቁ ኤም መስመር 2.12 ከጎናቸው ነው። በ20 ኪሎቮልት ሆናችሁ ከፍ ያሉትን ኤል መስመሮች ተመልከቱ፤ ወርቅ 9.71 ላይ፣ እርሳስ 10.55 ላይ ለየብቻ ይቆማሉ።