ባለ 41 ፍሬ የእንጨት መቁጠሪያ፦ ከ8 ወር አገልግሎት በኋላ

ይህን መቁጠሪያ በጥር ወር በለገጣፎ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ገዛሁት፤ እስከ ጳጉሜን ድረስ ጠዋት ጠዋት ከቤት ሳልወጣ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ይዤው ጸልያለሁ። 41 የእንጨት ፍሬዎችና መቋጫው ላይ አንድ መስቀል አለው። በምህላ 41 ጊዜ የሚባለውን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ለመቁጠር የሚያገለግል ሲሆን፣ ባለ 64 ፍሬ ከሆነው፣ የእመቤታችንን የምድር ዕድሜ ከሚያስበው መቁጠሪያ በመጠን ያንሳል። ኪስ ውስጥ ቦታ ስለማይወስድ የመረጥኩት ይህንን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክሩ በሌባ ጣት ላይ ይጋደማል፤ አውራ ጣት አንዱን ፍሬ ወደ መዳፍ ሲስብ አንድ ጸሎት አለቀ ማለት ነው። ጥቅሙ ቁጥሩን ከአእምሮ ወደ ጣት ማውረዱ ነው፤ «ስንት ደረስኩ?» ብሎ የሚያስብ ሰው የሚናገረውን ቃል ሊያስብ አይችልምና። ለዚህም ክሩ ቢያንስ የሁለት ፍሬ ያህል ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ክሩ ከተወጠረ ፍሬዎቹ ተጣብቀው ሁለት ሁለት ሆነው ያልፋሉ፤ ይህን ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

በሚያዝያ ወር ክሩ ታክሲ ውስጥ ተበጠሰ። ምክንያቱ የፍሬዎቹ ቀዳዳ ጠርዝ ሳይለሰልስ መቅረቱ ነበር፤ ስለታሙ እንጨት የጥጡን ክር ቀስ በቀስ በልቶታል። ተሳፋሪዎች ከወንበር ሥር ለቃቅመው ሰጡኝ፤ አንድ ባለሙያም መልሶ ሰካልኝ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ዙር በጣቴ አንጓ ቈጥሬ እስካመሳክር ድረስ 3 ሳምንት ሙሉ 40 ፍሬ ይዤ እጸልይ ነበር። ማመሳከሪያው እንዲህ ነው፦ ከአውራ ጣት በቀር የአንድ እጅ አራት ጣቶች 12 አንጓ አላቸው፤ ሦስት ጊዜ ሲዞር 36፣ አምስቱ የጣት ጫፎች ሲጨመሩ 41። የእኔ መቁጠሪያ አራተኛው ጣት ጫፍ ላይ መስቀሉ ዘንድ ደረሰ። አሁን የጎደለውን ፍሬ አስሞልቼ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን አሰክቼዋለሁ፤ ናይለን ቋጠሮው ስለሚያሟልጭ ጫፉን በሻማ እሳት ማቅለጥ ያስፈልጋል።

ከክሩ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን ልቡና ነው። ከአሥረኛው ፍሬ ገደማ በኋላ እጄ እየሄደ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ይቀራል። ምልክቱ ሁለት ነው፦ ሦስቱ ቃላት ተደፍጥጠው «እግዞማረነ» ይሆናሉ፤ ወይም ጣቴ መስቀሉን ሲነካ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም።

ይህን ለጎረቤቴ ለሐጂዋ ስነግራቸው «ልጄ፣ የእኔ ሙስበሃ እኮ መቆሚያ አለው» ብለው አሳዩኝ። 99 ፍሬዎቹ በየ33ቱ በተለየ ቅርጽ ይከፈላሉ፤ ከሶላት በኋላ ሱብሐነላህ 33 ጊዜ፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 33 ብለው መቶኛውን በላኢላሀ ኢለላህ ይሞላሉ። ጣት መለያውን ሲነካ ቃሉ ስለሚለወጥ ሐሳብም ይነቃል። (በጣት መቁጠርን የሚያስቀድሙ ሙስሊሞችም እንዳሉ ሐጂዋ ራሳቸው ነግረውኛል።) በካቶሊኮች መቁጠሪያ ደግሞ ሰላም ለኪ ማርያም አሥር አሥር ጊዜ ይደጋገማል፤ ቃሉ ሳይለወጥ በእያንዳንዱ አሥር ላይ የሚታሰበው የጌታ ወይም የእመቤታችን ሕይወት ምስጢር ይለወጣል።

የእኔ ባለ 41 መለያ የለውም፤ ዋና ጉድለቱ ይህ ነው። ስለዚህ በናይለኑ ላይ ከ12ኛው፣ ከ24ኛውና ከ36ኛው ፍሬ ቀጥሎ ትንሽ ቋጠሮ አስደረግሁ። ይህ የሥርዓት ቋጠሮ አይደለም፤ ለራሴ ያበጀሁት ነው። ቋጠሮው ጋ ስደርስ አንድ ትንፋሽ አቆማለሁ፤ ከዚያም «መሐረነ» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ነ» አስባለሁ። ቃሉ «ማረን» እንጂ «ማረኝ» አይደለምና፣ በመጀመሪያው ክፍል ቤተሰቤን፣ በሁለተኛው የሰፈሩን ሰው፣ በሦስተኛው የተቀየምኩትን ሰው፣ በቀሩት አምስት ፍሬዎች ደግሞ ሙታንን በዚያች «ነ» ውስጥ አስገባለሁ። ሦስተኛው ክፍል ሁልጊዜ ይዘገያል። ዙሩ ቀድሞ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ አሁን አራት ይፈጃል፤ ስለዚህም ሦስት ዙር የማደርሰውን ወደ አንድ ቀንሻለሁ።

በዚህም ሐሳብ መባዘኑ አልቀረም፤ ነገር ግን የሚባዝነው ከአንዱ ቋጠሮ እስከሚቀጥለው ብቻ ነው። የመስቀሉ ቀለም በላብ ተልጦ አልቋል፤ ፍሬዎቹ ግን በእጅ ቅባት ጠቁረው አምረዋል። እንደገና ብገዛ ቀዳዳቸው የለሰለሰውን እመርጣለሁ፤ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊትም እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ 41 መሆናቸውን እቆጥራለሁ።