የማስታወሻ ሣጥን ወይስ ከወላጅ ሸሚዝ የተሰፋ ትራስ?

እናቱን ወይም አባቱን በሞት ላጣ ልጅ ከሚሰጡት ነገሮች ሁለቱ ብዙ ጊዜ ያማርጣሉ።

ወጪ፦ ለሣጥኑ የጫማ ካርቶን ይበቃል። ትራሱ ሸሚዝ፣ ጥጥና መስፋት የሚችል ሰው ይፈልጋል።

አሠራር፦ ሣጥኑን ልጁ ራሱ ይሠራዋል፤ ምን እንደሚገባበት የሚመርጠውም እሱ ነው። ሰዓት፣ መነጽር፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይሆናል። ፎቶ ከሆነ ቅጂው ይግባ፣ ዋናው አዋቂ ዘንድ ይቀመጥ። ለትራሱ ግን ሸሚዙ ተቆልፎ፣ ቁልፎቹ መሃል ላይ እንዲውሉ ፊትና ኋላው አንድ ላይ 40 በ40 ሳንቲሜትር ይቆረጣል። መልካሙን ገጽ ወደ ውስጥ አዙሮ አራቱንም ጎን መስፋት ነው፤ ከዚያ ቁልፎቹን ፈትቶ መገልበጥና ጥጡን መሙላት።

ስጋት፦ መቀስ ካረፈ መመለሻ የለውም። ልጁ ሳይጠየቅ የአባቱ ሸሚዝ ተቆርጦ ቢያገኘው ስጦታው ሌላ ኀዘን ይሆንበታል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ልብስ ሳይነካ ይቅር። ሽታውም በአንድ እጥበት ይጠፋልና ያልታጠበውን ልብስ በሚታሸግ ፕላስቲክ ማስቀመጥ ይበጃል። ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ቁልፎቹን ነቅሎ መክፈቻውን መስፋት የግድ ነው፣ ሊውጣቸው ይችላል። በሣጥኑ በኩል ችግሩ የወንድማማች ጥል ነው፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ይኑረው። ለወራት ሳይከፍተው ቢቀር አይጎትጎት።

ለማን? ማታ እንቅልፍ እምቢ ለሚለው ትንሽ ልጅ ትራሱ ይቀድማል። ጥያቄ ለሚያበዛው፣ ወይም የወላጁን ነገር እንዳይረሳ ለሚሰጋው ተማሪ ሣጥኑ። ልብሱ ሁሉ ለሰው ተሰጥቶ ካለቀ ምርጫው አንድ ብቻ ነው።