ሁለት ቀን የሚቆይ ባትሪ፣ 47 ደቂቃ የሚዘገይ አስታዋሽ

ይህን አንድሮይድ ስልክ ከያዝኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ካሜራው ደህና ነው። ስክሪኑም እንደዚያው። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው።

የደም ግፊት መድኃኒቴን የምውጠው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ እንዲያስታውሰኝም በአንድ የአስታዋሽ መተግበሪያ ላይ ሞልቼው ነበር። አንድ ማታ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሥራዬን ቀጠልኩ። 3፡47 ላይ ገና ብድግ ሳደርገው «መድኃኒት!» ብሎ ጮኸ። እስካሁን የት ነበርክ?

ሻጩ «ባትሪው ሁለት ቀን ይቆያል» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም። ባትሪው የሚቆየው ግን ስልኩ ስለሚተኛ ነው፤ ይህን ብቻ አልነገረኝም። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ስልኩ ቻርጅ ላይ ካልሆነ፣ ስክሪኑ ከጠፋና ለረጅም ጊዜ ካልተነቃነቀ እንቅልፍ ይወስደዋል። ያኔ የመተግበሪያዎችን ተራ ማንቂያ ሰብስቦ ያቆይና አልፎ አልፎ ነቃ ሲል አንድ ላይ ይለቃቸዋል። ስታነሱት ደግሞ ወዲያው ይነቃል። የኔም ማስታወሻ የጮኸው ለዚህ ነው። ባትሪ ቆጣቢውን ሳበራው ባሰበት።

ሁለት ነገር ቀየርኩ። መጀመሪያ በመተግበሪያው ሴቲንግ የባትሪ አጠቃቀሙን «ያልተገደበ» አደረግኩት። ቀጥሎ «ማንቂያዎች እና አስታዋሾች» የሚለውን ፈቃድ ከፈትኩለት። ከአንድሮይድ 14 ወዲህ ብዙ አዲስ የሚጫኑ መተግበሪያዎች ይህን ፈቃድ በራሳቸው አያገኙም፤ እኛው መስጠት አለብን። ከዚህ በኋላ ማታ ማታ በሰዓቱ ይጮህ ጀመር።

ተገላገልኩ ስል ሌላ መጣ። ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩት የቀጠሮ ማስታወሻ ጭራሽ ሳይጮህ ቀረ። ለካ በዚያን ቀን ኢንተርኔቱ ሲመጣ ሲሄድ ውሎ ቀጠሮው ስልኬ ላይ አልደረሰም። ስልኩ ያልሰማውን እንዴት ያስታውሰኝ? አሁን ሌላ ቦታ የጻፍኩትን ሁሉ ስልኬ ላይ ከፍቼ አያለሁ። እዚያ ከታየ ለመጮህ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። አንዳንድ መተግበሪያ ግን መልእክቱን በሰዓቱ ከሰርቨር ነው የሚልከው፤ ኔትወርክ ከሌለ አለቀለት።

የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እንዲህ አደረግኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚጮህ ማስታወሻ ሞላሁ። ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጌ ባትሪ ቆጣቢውን አበራሁና ሳልነካው ተውኩት። ሦስት መተግበሪያ ሞከርኩ። አንዱ ብቻ በሰዓቱ ጮኸ።

ለመድኃኒቱ ግን አሁን ማንንም አላምንም። ከስልኩ ጋር በመጣው የሰዓት መተግበሪያ ላይ የየቀኑን አላርም ሞልቻለሁ። እሱን እንቅልፉም ባትሪ ቆጣቢውም አይነኩትም። ከላይ የምትታየዋ ትንሽ የሰዓት ምልክት ካለች አላርሙ ተሞልቷል ማለት ነው፤ ከመተኛቴ በፊት እሷን አያለሁ።

ስልኩን ልሸጠው ነበር። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ በሻጩ ላይ ያለኝ ቂም ግን እንዳለ ነው።