ለቅዳሜ ጽዳት የጎጃም ዘፈን ወይስ ጉራግኛ?

ባሕር ዳር ላይ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር ቤት አጽድቶ ለመጨረስ የዘፈን ምርጫ ይወስናል።

ጉራግኛ ፈጣን ነው፤ ጭብጨባውና የእግሩ ምት ሰውን ያስሮጣል። አልጋ ለማንጠፍ፣ ልብስ ለመሰብሰብ፣ ሳሎን ለመጥረግ የሚስተካከለው የለም። ወለል ሲወለወል ግን ጉድ ይፈላል። እጅ ምቱን ልከተል ሲል መወልወያው በደንብ ሳይጨመቅ ይወጣል፣ ጥጋጥጉ ይዘለላል። ወለሉ ሲደርቅ ዥንጉርጉር ከሆነ ምቱ ፈጥኗል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የጎጃም እስክስታ ይበልጣል። ምቱ ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ፣ መወልወያውን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ለመግፋት ይመቻል። ችግሩ፣ ማሲንቆው ሲደምቅ ሥራው ተረስቶ ጭፈራ ይጀመራል (በተለይ እህት ወንድም ቤት ካለ)።

እኔ መጥረጉን በጉራግኛ፣ መወልወሉን በጎጃም ዘፈን እላለሁ። ለዕቃ አጠባ ሁለቱም ይቅሩ፤ ብርጭቆ ያሰብራሉ።