4 ጊጋ ራም ከኤስኤስዲ ጋር ወይስ 8 ጊጋ ራም ከሃርድ ዲስክ ጋር?

ስታዲየም ዙሪያ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ ሰው ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት ዕቃ ሊቀርብለት ይችላል። አንዱ 8 ጊጋ ራም ከ500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ጋር፣ ሌላው 4 ጊጋ ራም ከ256 ጊጋ ኤስኤስዲ ጋር። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው ባለኤስኤስዲው ነው፤ ቶሎ ይነሳላ! ሁለቱ በትክክል የሚለዩት ግን ራሙ ሲሞላ ነው።

ክሮም፣ ዎርድና ቴሌግራም አብረው ሲሠሩ እያንዳንዳቸው ሜሞሪውን ብቻቸውን የያዙት ይመስላቸዋል። ባለ64 ቢት ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም 128 ቴራባይት የሚደርስ የአድራሻ ክልል ይሰጣል፤ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ግን 4 ጊጋ ብቻ ነው። ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት አድራሻ ቢጠሩም አይጋጩም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ቤት ቁጥር 4» በየብሎኩ አለ፤ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ቤቱ ሌላ ነው። ሜሞሪው 4 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ይከፋፈላል፣ የትኛው ገጽ ራሙ ላይ የት እንዳለ የሚያሳይ ሠንጠረዥም ለየፕሮግራሙ ይያዛል።

የተፈለገው ገጽ ራሙ ላይ ከሌለስ? ፕሮሰሰሩ ፕሮግራሙን ያቆመዋል፤ ዊንዶውስ ገጹን ዲስክ ላይ ካለው `pagefile.sys` ያነባል፣ ቦታ ከሌለ ሌላ ገጽ ያስወጣል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ካቆመበት ይቀጥላል። ፕሮግራሙ ምንም አላወቀም፤ የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው።

በቁጥር እንየው። ዊንዶውሱ፣ አሥር ታብ የተከፈተበት ክሮም፣ ዎርድና ቴሌግራም በድምሩ 5 ጊጋ ፈለጉ እንበል። ባለ4 ጊጋው ላይ ዎርድ ሲጻፍ ቆይቶ የክሮም 400 ሜጋ ወደ ዲስክ ወረደ። ይህ ወደ 100,000 ገጽ ነው። ሃርድ ዲስክ የተበታተነ አንድ ገጽ ፈልጎ ለማምጣት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ቢያመጣ 1,000 ሰከንድ፣ ማለትም ከ16 ደቂቃ በላይ ይሆናል። ዊንዶውስ ጎን ለጎን ያሉ ገጾችን አንድ ላይ ስለሚያነብ እዚህ አይደርስም፤ ያ «ድርቅ አለብኝ» የሚባለው ግን ከዚሁ ይመጣል። ኤስኤስዲ አንዱን ገጽ በ0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚያመጣ ያው ሥራ 10 ሰከንድ ነው።

ስለዚህ ባለ4 ጊጋው ከኤስኤስዲ ጋር ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ይጎተታል። ባለ8 ጊጋው ከሃርድ ዲስክ ጋር ሲነሳ ያሰለቻል፤ አንዴ ከተከፈተ ግን 5 ጊጋው ራሙ ላይ ስለሚገባ ከታብ ወደ ታብ መሄድ አያስቸግርም። ከ8 ጊጋ ካለፈ ግን መከራ ነው። 4 ጊጋ ከሃርድ ዲስክ ጋር ከሆነ በርካሽም አይግዙት።

የኛ ምርጫ ባለ8 ጊጋው ነው፤ ሃርድ ዲስኩ በኋላ በ2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ሊለወጥ ይችላልና። ባለ4 ጊጋው የሚያዋጣው ባዶ የራም ቦታ ካለው ነው። የጀርባ ክዳኑን አስከፍተው ይዩ፤ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደና ሌላ ቦታ የሌለው ከሆነ ዕድሜውን ሁሉ 4 ጊጋ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ስታርት ሜኑ ላይ ይህን ጽፈው ይክፈቱ፦

```
resmon
```

`Memory` የሚለውን ይጫኑና የዘወትር ሥራዎን ሁሉ ይክፈቱ። ፕሮግራም ሲከፈት፣ ገጽ ፍለጋ በሰከንድ ስንት ጊዜ ወደ ዲስክ እንደተሄደ የሚያሳየው `Hard Faults/sec` ዘሎ ቢወጣ አይደንግጡ፤ የፕሮግራሙ ፋይል ራሱ እየተነበበ ነው። ቀድሞ ከተከፈተ ወደ ተከፈተ ሲመላለሱ በመቶዎች ላይ ከቆየ ግን ራሙ አልበቃም።

«ቨርቹዋል ሜሞሪውን 16 ጊጋ አድርጌልዎታለሁ» የሚል ሻጭ ቢገጥምዎ `Task Manager` ውስጥ `Committed` የሚለውን ይዩ። `6.1/19.8 GB` ቢል የመጀመሪያው ለፕሮግራሞች ቃል የተገባው ነው፤ ሁለተኛው ራሙና `pagefile.sys` ሲደመሩ። ሻጩ ያሳደገው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ሜሞሪ አለቀ ብሎ ፕሮግራም እንዳይዘጋ ይረዳል፣ ፍጥነት ግን አይጨምርም። ስልክ ላይ «8+8 ጊጋ ራም» ተብሎ ሲሸጥም ሁለተኛው 8 ከማከማቻው የተወሰደ ነው፤ ዋጋ ሲከራከሩ እንደ 8 ጊጋ ይቁጠሩት።