አማካይ ወይስ ክንፍ? የጂፒኤስ ቁጥር ሲነበብ

አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ የተቀመጠ ደጋፊ "ማን ብዙ ሮጠ?" ብሎ ቢከራከር መልሱ በመለኪያው ይወሰናል። በተጫዋቹ ሁለት ትከሻዎች መሀል የሚታሰረው የጂፒኤስ መሣሪያ በጠቅላላ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ የመሀል አማካዩን ያስቀድማል። በሰዓት ከ19.8 ኪሎ ሜትር በላይ የተሮጠው ብቻ ሲቆጠር ግን ክንፉ ይመራል።

ለምሳሌ አማካዩ በ95 ደቂቃ 11.2 ኪሎ ሜትር ሮጠ እንበል፤ በ60ኛው ደቂቃ የተቀየረው ክንፍ ደግሞ 6.9። ክንፉ ሰነፍ ይመስላል። ለደቂቃ ሲካፈል ግን 118 ሜትር ለ115 ነው፤ ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ስለዚህ ተቀያሪ ባለበት ጨዋታ ጠቅላላውን ርቀት እኔ አላየውም።

የፍጥነት ገደቡም አማካዩን ይበድላል። በጠባብ ቦታ አምስት ሜትር ተፈትልኮ ሲቆም እግሩ ይቃጠላል፣ ፍጥነቱ ግን 19.8 አይደርስም፤ ሪፖርቱ ላይ ዜሮ። ለእሱ የፍጥነት ጭማሪና የድንገተኛ ማቆም ብዛት ይታይለት።

ክንፉም የራሱ ችግር አለው። በጥላ ፎቅ በኩል መስመሩን ይዞ ሲሮጥ ጣሪያው የሰማዩን ክፍል ስለሚከልል መሣሪያው የሚያያቸው ሳተላይቶች ሊቀንሱ ይችላሉ። በሰዓት 41 ኪሎ ሜትር የሚል ቁጥር ድንገት ብቅ ካለ ጀግንነት ሳይሆን የሲግናል ስህተት ነው፤ የዚያን ቅጽበት የሳተላይት ብዛት አይቶ መሰረዝ ነው።